ሎግ በሎግ ከሆነ በፐርሰንት አንብቡት

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚሸጠውን የጤፍ መጠን ከዋጋው ጋር በሪግሬሽን አያያዛችሁት እንበል። ሁለቱንም ወደ ሎግ ቀይራችኋል። የዋጋው ኮኤፊሸንት -0.6 ወጣ።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ «ዋጋው 1 ብር ሲጨምር ሽያጩ በ0.6 ኪሎ ይቀንሳል» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። ሎግ ስትወስዱ ብሩም ኪሎውም ከንባቡ ወጥተዋል። ትክክለኛው፦ ዋጋው በ1 ፐርሰንት ሲጨምር ሽያጩ በ0.6 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል። ኢኮኖሚስቶች ኢላስቲሲቲ የሚሉት ይኸንኑ ነው።

ይህ አቋራጭ ግን ለትንሽ ለውጥ ብቻ ነው። ዋጋው (አያድርገውና) እጥፍ ቢሆን «60 ፐርሰንት ይቀንሳል» እንዳትሉ። 2^(-0.6) አስሉ፤ 0.66 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሽያጩ የሚቀንሰው በ34 ፐርሰንት አካባቢ ነው።