ስልኬ ሚሞሪ ሲሞላ የፎቶውን ኦሪጅናል ላስቀምጥ ወይስ ኮምፕረስ የሆነውን? እንዲህ ፈታሁት

ስልኬ "ሚሞሪ ሞልቷል" እያለ ሲያስቸግረኝ ጋለሪ ውስጥ ያንዱን ፎቶ ዲቴይል ከፍቼ አየሁ፣ በካሜራ የተነሳው 4000×3000 እና 4 ሜጋ አካባቢ ነው፣ ያው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ የተመለሰው ግን 1280×960 ሆኖ 200 ኪሎባይት እንኳን አይሞላም። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፣ ዙም ስታደርጉት ግን ፊት ይደበዝዛል፣ በኤ4 ላሳትም ካላችሁ ደግሞ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ወደ 3500 ፒክስል ይፈልጋል ስለዚህ 1280ው በፍጹም አይሆንም። የተነሳበት ቀንም እንደ ፎቶ ከተላከው ኮፒ ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ፣ የሰርግ፣ የልጆች እና የእናቴ ፎቶ ኦሪጅናሉ ይቀመጣል፣ የደረሰኝ፣ የስክሪንሹትና የምግብ ፎቶ ትንሿ ኮፒ ትበቃዋለች። ኦሪጅናሎቹን በኦቲጂ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፣ ሁለተኛ ኮፒ ደግሞ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን "ፋይል" ብዬ ላክሁ፣ እንደዛ ሲላክ መጠኑ አይነካም። ከስልኬ ከማጥፋቴ በፊት ፍላሹን ነቅዬ መልሼ ሰክቼ ጥቂቶቹን ከፈትኳቸው፣ ሳይዛቸውንም አስተያየሁ። ካጠፋችሁ በኋላ የጋለሪውን ትራሽም ባዶ አድርጉት፣ አለበለዚያ ቦታው ወዲያው አይለቀቅም።