የሎጎ ሐይቅን ስፋት በዘፈቀደ ነጥቦች መገመት፦ አሠራሩና ስህተቱ የሚቀንስበት መንገድ

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን፣ ከከተማዋም በስተምሥራቅ ሎጎ ሐይቅን ያገኛል። የሐይቁ ዳርቻ ክብም አራት ማዕዘንም አይደለም፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ባሕረ ገብ መሬት በአንድ በኩል ወደ ውሃው ይገባል፣ ሌላውም ዳር እየታጠፈ ይሄዳል። ስለዚህ ርዝመትን በወርድ አባዝቶ ስፋቱን ማግኘት አይቻልም። ካርታና የቁጥር ሠንጠረዥ ያለው ሰው ግን በዘፈቀደ ነጥቦችን ጥሎ፣ ስንቶቹ ውሃ ላይ እንዳረፉ ቆጥሮ ስፋቱን መገመት ይችላል። ከዚህም በላይ ግምቱ በምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በራሱ ማስላት ይችላል፤ የዘዴው ትልቁ ጥቅም በእኔ እምነት ይህ ነው።

በመጀመሪያ ልኬቱ የታወቀ ካርታ ወይም የሳተላይት ምስል ይዘጋጅና ሐይቁን በሙሉ የሚያካትት አራት ማዕዘን ይሰመርበታል። ለዚህ ምሳሌ የአራት ማዕዘኑ ርዝመት 8፣ ወርዱ 7 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ስፋቱ 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከነጥቦቹ መካከል ውሃ ላይ ያረፉት ድርሻ ሐይቁ ከአራት ማዕዘኑ ለሚይዘው ድርሻ ግምት ስለሚሆን፣ ያንን ድርሻ በ56 ማባዛት ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ ነጥቦቹ ይመረጣሉ፤ ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእጅ እህል መበተን አይረዳም፣ ፍሬዎቹ ወደ መሃል ይበዛሉና። በእርሳስ «እንደመጣልኝ» እያሉ ነጥብ ማድረግም አይረዳም፣ የሰው እጅ ከጠርዝ ይሸሻል፣ ሁለት ነጥቦችንም አቀራርቦ ማስቀመጥ አይወድም። የሚሻለው በኤክሴል አንዱ ዓምድ ላይ `=RAND()*8`፣ በሁለተኛው ላይ `=RAND()*7` ብሎ መጻፍ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከግራ ጠርዝ፣ ሁለተኛው ከታች ጠርዝ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሆኖም ኤክሴል ሠንጠረዡ ላይ አንድ ነገር በተጻፈ ቁጥር እነዚህን ቁጥሮች እንደገና ስለሚቀይራቸው፣ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ዓምዶቹን ገልብጦ ቀመሩ ሳይሆን ዋጋቸው ብቻ እንዲለጠፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ «ውሃ» ተብሎ የተመዘገበው ነጥብ ወዲያው ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። በካርታው ላይ ሲታዩ ነጥቦቹ አንዱ ጋ ተጠጋግተው፣ ሌላው ጋ ክፍት ቦታ ትተው ሊገኙ ይችላሉ። ዘፈቀደ መልኩ ይህ ነው፤ ክፍት ቦታውን ለመሙላት ነጥብ መጨመር ግምቱን ያዛባል።

ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ በካርታው ላይ ተፈልጎ «ውሃ» ወይም «መሬት» ተብሎ ይመዘገባል። ዳርቻው ላይ ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ቆጠራው ከተጀመረ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ ቆጣሪው ወደሚጠብቀው ውጤት ያዘነብላል።

አሁን 400 ነጥቦችን በመቶ በመቶ ከፍለን ቆጠርን እንበል፤ ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። ከአራቱ መቶዎች ውሃ ላይ ያረፉት በቅደም ተከተል 46፣ 37፣ 43 እና 38 ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ መቶ ለብቻው 25.8፣ 20.7፣ 24.1 እና 21.3 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚል ግምት ይሰጣል። በድምሩ ከ400 ነጥቦች 164ቱ ማለትም 41 በመቶው ውሃ ላይ ስላረፉ፣ 56 ሲባዛ በ0.41 ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የሚጠበቀው ስህተት በሚከተለው ቀመር ይሰላል፤ `A` የአራት ማዕዘኑ ስፋት፣ `p` ውሃ ላይ ያረፉት ድርሻ፣ `n` የነጥቦቹ ብዛት ነው።

```
A * sqrt(p * (1 - p) / n)
```

በምሳሌያችን ለ100 ነጥቦች ስህተቱ 2.8፣ ለ400 ነጥቦች ደግሞ 1.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነጥቦቹ አራት እጥፍ ሲሆኑ ስህተቱ በግማሽ ብቻ የቀነሰው ለምንድን ነው? አንድ መቶ ነጥብ ሲጣል ውሃ ላይ የሚያርፉት ብዛት ከአማካዩ በ5 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አራት መቶ ሲጣል ግን አንዱ መቶ የጨመረውን ሌላው በከፊል ስለሚቀንሰው፣ መዋዠቁ ወደ 20 ሳይሆን ወደ 10 ብቻ ያድጋል። ከመቶ 5 አምስት በመቶ ነው፤ ከአራት መቶ 10 ግን ሁለት ተኩል በመቶ ነው። በአጭሩ ስህተቱ የሚቀንሰው በነጥቦቹ ብዛት ዳግም ዘር ልክ ነው፤ ስለዚህ የ400ውን ስህተት ወደ አንድ አሥረኛ ማውረድ የፈለገ ሰው 40,000 ነጥቦች ያስፈልጉታል። ይህን በእጅ መቁጠር የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ውጤቱ ሲጻፍም 22.96 ማለት ያልተገኘ ትክክለኛነትን መናገር ነው። ከ20 ጊዜ 19ኙን ያህል እውነተኛውን ስፋት የሚያካትት ወሰን ለመስጠት ስህተቱ በሁለት ይባዛል፤ ስለዚህ «23፣ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል በ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ» ተብሎ ይጻፋል።

በመቶ በመቶ መክፈሉ ለቁጥጥርም ይጠቅማል። አራቱ ቆጠራዎች 41፣ 41፣ 40፣ 42 ቢሆኑ ደስ ከመሰኘት ይልቅ መጠርጠር ይገባል፤ ነጥቦቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ወይም በእጅ የተስተካከሉ ሊሆኑ ይችላሉ። 60 እና 25 ዓይነት ልዩነት ከታየ ደግሞ ከቁጥሮቹ አመራረጥ ወይም ከአመዘጋገቡ ላይ ስህተት መፈለግ ያሻል።

ነጥብ በመጨመር የማይቀንስ ስህተትም አለ። የካርታው ልኬት በርዝመት 2 በመቶ ከተሳሳተ ስፋቱ 4 በመቶ ያህል ይሳሳታል፣ ሚሊዮን ነጥብም አያርመውም። ሎጎ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የውሃው ከፍታ እንደ ዝናቡና እንደ ትነቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ምስሉ የተነሣበት ወርና ዓመት ከግምቱ ጋር መጻፍ አለበት።

ነጥብ ሳይጨመር ስህተትን ለመቀነስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አራት ማዕዘኑን ማጥበብ ነው፤ በ8 በ7 ፈንታ 20 በ20 ኪሎ ሜትር ብንወስድ ከ100 ነጥቦች 6 ያህሉ ብቻ ውሃ ላይ ያርፋሉ፣ ስህተቱም ከ2.8 ወደ 9.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው አራት ማዕዘኑን ወደ 56 ባለ አንድ ኪሎ ሜትር ካሬዎች ከፍሎ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ 7 ነጥቦችን በዘፈቀደ መጣል ነው። ነጥቦቹ በድምሩ 392 ይሆናሉ፤ ውሃ ላይ ያረፉትን ቆጥሮ ለ7 ማካፈል ስፋቱን በካሬ ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ ውሃ ወይም ሙሉ በሙሉ መሬት የሆነ ካሬ ሊሰጥ የሚችለው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ ምንም ስህተት አይጨምርም፤ ስህተት የሚመጣው ዳርቻው ከሚያልፍባቸው ካሬዎች ብቻ ነው። ከላይ ያለው ቀመር ግን ለዚህ አሠራር ስህተቱን አብዝቶ ያሳያል፤ በዚህ መንገድ የሠራ ሰው ቀመሩን በቀጥታ ከመጠቀም ይልቅ ለእያንዳንዱ ካሬ የራሱን `p*(1-p)/7` አስልቶ፣ የሁሉንም ደምሮ፣ የድምሩን ዳግም ዘር መውሰድ አለበት።