አንድ ራይት፣ ሁለት ራይት፣ ሰማያዊ ራይት፦ መልእክቱ የት ላይ ቆመ?

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። «ዋትስአፔ ተበላሽቷል» ብለው ከሚመጡት ደንበኞች የሚበዙት ዋትስአፓቸው ጤነኛ ነው። የተቸገሩት መልእክታቸው ጥግ ላይ ያለውን ምልክት በማንበብ ነው። አንድ መልእክት መጀመሪያ ከላኪው ስልክ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይሄዳል፤ ከዚያ ሰርቨሩ ለተቀባዩ ስልክ ያደርሰዋል፤ በመጨረሻ ሰውየው ከፍቶ ያየዋል። ምልክቱ የሚናገረው ከእነዚህ የትኛው እንዳለቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት የትኛው እንደቀረ መለየት ያስፈልጋል።

የሰዓት ምስል ብቻ ይታያል

መልእክቱ ገና ከእርስዎ ስልክ አልወጣም። ተቀባዩን መውቀስ የማይቻልበት ብቸኛው ምልክት ይህ ነው። ዳታው ተዘግቶ ወይም ፓኬጁ አልቆ እንደሆነ ይዩ፤ ድረ ገጽ ከፍተው ይሞክሩ። ድረ ገጹም እምቢ ካለ የስልኩን ቀንና ዓመት ይመልከቱ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው የደኅንነት ማረጋገጫ ቀኑ ያልደረሰ ስለሚመስለው ግንኙነቱን አይቀበልም። ቀንና ሰዓቱን ኔትወርኩ ራሱ እንዲሞላው ማድረግ ይበቃል፤ የኢትዮጵያን ቀን ማየት ለሚፈልግ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ አለለት።

ዋትስአፕ ላይ አንድ ግራጫ ራይት ታይቶ ይቀራል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ከእርስዎ ስልክ ወጥቶ ሰርቨሩ ተቀብሎታል ማለት ነው። ይህ ከሆነ የእርስዎ ኢንተርኔት ሠርቷል። ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ሲም ካርዱን ማውጣት፣ ይባስ ብሎም ዋትስአፕን አጥፍቶ እንደገና መጫን አንዳችም ነገር አይለውጥም። እንዲያውም መጠባበቂያ ሳይዝ የሚያጠፋ ሰው የቆዩ መልእክቶቹን ያጣል። የቀረው ጉዞ ከሰርቨሩ ወደ ተቀባዩ ስልክ ያለው ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው።

አንድ ቡና አቅራቢ ሐጂ በዚሁ ጉዳይ ስልካቸውን ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ላለ ገዢያቸው ማታ 1፡10 ላይ የሚዛን ወረቀት ፎቶ ልከው፣ ከሥሩ «በዚያው ሂሳብ አስገባ፤ መኪናው ነገ ይወጣል» ብለው ጽፈዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን አሁንም አንድ ራይት ነው። «ዘግቶኛል፤ ዋትስአፑን አጥፍተህ እንደገና ጫንልኝ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ መልእክትዎ ከስልክዎ ወጥቷል። ይቆዩ፣ መጀመሪያ በተራው ስልክ እንደውልለት» አልኳቸው።

ደወልን። ጠራ፤ ግን አላነሳም። ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ነገረን። በተራው መስመር ከጠራ ስልኩ በርቷል፣ ኔትወርክም አለው። የጎደለው ዳታ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አገር ፓኬጅ ለመቆጠብ ዳታ ዘግቶ ማደር የተለመደ ስለሆነ ከማንኛውም ሌላ ምክንያት በፊት የምጠረጥረው ይህንን ነው። «ሊያገኙት አይችሉም» የሚል ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ስልኩ ጠፍቷል ወይም ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው እንል ነበር። ያን ጊዜ ከመጠበቅ ሌላ መፍትሄ የለም።

ለገዢው አጭር የጽሑፍ መልእክት ላክን፦ «ዳታ ክፈት፤ ዋትስአፕ ላይ የላክሁት አለ።» ኤስኤምኤስ ዳታ አይፈልግም። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ራይት መጣ። መልእክቱን ተጭነን ይዘን፣ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች Info የሚለውን ስንከፍት Delivered ከሚለው አጠገብ 9:42 ይላል፤ በእኛ ሰዓት ጠዋት 3፡42 ማለት ነው። Read የሚለው ግን ባዶ ነው። ሐጂ እንደገና ተናደዱ። «አይቶ ዝም አለኝ!» ገንዘቡ ግን ከቀትር በፊት ሂሳባቸው ውስጥ ገባ፤ ራይቶቹ ያን ጊዜም ግራጫ ነበሩ። ገዢው ጽሑፉን በስልኩ አናት ላይ ከሚወርደው ማሳወቂያ አንብቦታል፤ ውይይቱን ስላልከፈተው ብቻ ምልክቱ አልተለወጠም።

ሐጂ የጠረጠሩት መዘጋት ደግሞ እንዴት ይታወቃል? በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ዋትስአፕ ሆን ብሎ ግልጽ አያደርገውም። የዘጋዎት ሰው ጋር የሚላከው ሁሉ ምንጊዜም አንድ ራይት ላይ ይቀራል፤ መጨረሻ የታየበት ሰዓትና አዲስ የፊት ፎቶው አይታይም፤ የዋትስአፕ ጥሪም አይሳካም። እነዚህ ሁሉ ባንድነት ለቀናት ከቀጠሉ፣ በተራው ስልክም ሲደወል የሚጠራ ከሆነ፣ ግምቱ ወደ መዘጋት ያጋድላል። ነገር ግን ዋትስአፕን ከስልኩ ያጠፋ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ያልደረሰ መልእክት ሰርቨሩ ላይ የሚቆየው እስከ 30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሰረዛል። ወር ሙሉ አንድ ራይት ላይ የቆመ መልእክት እንደገና ካልተላከ አይደርስም።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ መፍትሄው ተቀባዩ እጅ ላይ ነው። አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ያስተኛሉ። የሚታወቀው በዚህ ነው፦ ሰውየው ዳታው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው ይላል፤ መልእክቶቹ ግን የሚገቡት ዋትስአፕን ራሱ በከፈተ ጊዜ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ነው። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የመተግበሪያዎች ዝርዝር ገብቶ፣ ዋትስአፕን መርጦ፣ የባትሪ አጠቃቀሙን ያለ ገደብ ማድረግ ነው። የዳታ ቆጣቢው በርቶ ከሆነም ዋትስአፕን ከእርሱ ነጻ ማድረግ ይገባል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ነው፤ «አልደረሰውም» ማለት ነው?

አይደለም። የዋትስአፕን ትርጉም ይዞ ቴሌግራም ላይ የሚሄድ ሰው በየቀኑ ይጣላል። ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለት ራይት ደግሞ ተቀባዩ ውይይቱን ከፍቶታል ማለት ነው። «ስልኩ ላይ ደርሷል፣ ግን አልተከፈተም» የሚል ምልክት ጨርሶ የለም። ምክንያቱም አንድ የቴሌግራም አካውንት በስልክም፣ በታብሌትም፣ በኮምፒውተርም በአንድ ጊዜ ሊከፈት ስለሚችል «የቱ ስልክ ላይ ደረሰ» የሚለው ጥያቄ ትርጉም አይኖረውም። ሰማያዊ ራይትም አይጠብቁ፤ እዚያ የሚቆጠረው የራይቶቹ ብዛት እንጂ ቀለማቸው አይደለም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያለች ልጅዎ ጋር የላኩት ቴሌግራም ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ራይት ቢሆን ስልኳ ላይ ደርሶ፣ ጮኾ፣ እርሷም ክፍል ውስጥ ስለሆነች ሳትከፍተው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዳታዋ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ከምልክቱ መለየት አይቻልም። መድረሱን ማወቅ የግድ ከሆነ ያንኑ መልእክት በዋትስአፕ ይላኩት፤ ሁለት ግራጫ ራይት ከመጣ ስልኳ ወይም ዋትስአፗ የተከፈተበት ሌላ መሣሪያ ላይ ደርሷል።

ሁለት ግራጫ ራይት ሆኖ ሰማያዊ አይሆንም

ወደ ዋትስአፕ እንመለስ። ሁለት ግራጫ ራይት መልእክቱ ስልኩ ላይ ወይም ከአካውንቱ ጋር በተያያዘ ሌላ መሣሪያ ላይ መድረሱን ይናገራል። «ሌላ መሣሪያ» የሚለውን ልብ ይበሉ። የአንድ ነጋዴ ዋትስአፕ ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ፣ የራሱ ስልክ ጠፍቶ መንገድ ላይ ሳለ ሁለት ራይት ሊመጣ ይችላል፤ ጸሐፊው ከከፈተው ሰማያዊም ይሆናል። ነጋዴው «አላየሁም» ሲል እውነቱን ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ምክንያቶች አሉ። ሰውየው እንደ ሐጂ ገዢ ከማሳወቂያው ላይ አንብቦታል፤ ወይም Read receipts የሚባለውን ምርጫ ዘግቶታል። የኋለኛውን ለማወቅ አጭር የድምፅ መልእክት ይላኩለት። ምርጫው ቢዘጋም የድምፅ መልእክት መደመጡ ስለማይደበቅ ሲያዳምጠው የማይክሮፎኑ ምስል ሰማያዊ ይሆናል። የጽሑፍ መልእክቶቹ ግራጫ ሆነው ማይክሮፎኑ ብቻ ሰማያዊ ከሆነ ምርጫውን ዘግቶታል ማለት ነው። ምናልባትም የዘጉት እርስዎ ነዎት፦ የራሱን ምልክት የደበቀ ሰው የሌሎችንም አያይም። በቅንብሩ ውስጥ Privacy ገብተው ያረጋግጡ።

ሰማያዊ ሆኖ መልስ ስላልመጣው መልእክት ስልክ ጠጋኝ የሚረዳዎት ነገር የለም። ሰማያዊ ማለት ውይይቱ ተከፈተ ማለት ነው፤ ተነበበ፣ ገባው፣ ተስማማ ማለት አይደለም።

የእድር ግሩፕ ላይ ሁልጊዜ አንድ ራይት ነው

በግሩፕ ውስጥ ሁለተኛው ራይት የሚመጣው መልእክቱ ለሁሉም አባላት ሲደርስ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነውም ሁሉም ሲከፍቱት ነው። ከስድሳ አባላት አንዱ ስልኩን ቀይሮ ዋትስአፕ ካልጫነ ራይቱ አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ሃምሳ ዘጠኙ ግን አንብበውት ሊሆን ይችላል። የቀብር ሰዓት የጻፈ የእድር ዳኛ በዚህ ምልክት ተደናግጦ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ይልካል። ይልቅ የራሱን መልእክት ተጭኖ ይዞ Info ይክፈት፤ ያነበቡትና የደረሳቸው ሰዎች ስም በተለያየ ዝርዝር ተቀምጧል። ከሁለቱም ዝርዝር ስማቸው የጠፋ አባላት ጋር በተራው ስልክ ይደወላል።