የአጭር ልቦለድ መጨረሻ፦ ክፍት ይተው ወይስ ይዘጋ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስህተቶቹን በአንድ ታሪክ ላይ ብናያቸው ይቀላል። ለዚሁ ብዬ ያሰብኩት ታሪክ ይህ ነው። ጎንደር ቁስቋም አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ወሬውም ጠፍቷል። ሲሄድ «እማዬ፣ ማታ ከመጣሁ እንዳልቀሰቅስሽ ቁልፉን እንደ ወትሮው ድንጋዩ ሥር ተይልኝ» ብሏታል። እሷም ሲመሽ ትርፉን ቁልፍ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ሥር ታስቀምጣለች፣ ሲነጋ ታነሳዋለች። ዕዳ ሲጠናባት ቤቱን ለመሸጥ ተስማማችና 50,000 ብር ቀብድ ተቀበለች። የቀረው ማለቂያው ነው።

ስህተት አንድ፦ መደበቅን ክፍት መጨረሻ ማለት

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ታሪክ እንዲህ ይጨርሰዋል፦ ሌሊት በሩ ይንኳኳል፤ እናት ትነሳለች፤ «ማነው?» ትላለች፤ አለቀ። ጸሐፊው ክፍት መጨረሻ የጻፈ ይመስለዋል። ያደረገው ግን አንዲት መረጃ ከአንባቢ ደብቆ መሄድ ነው። በሩ ላይ የቆመው ወይ ልጁ ነው፣ ወይ ቤት ገዢው፣ ወይ ጎረቤት። እናቲቱ አንድ እርምጃ ብትራመድ ታውቀዋለች። አንባቢው ግን ከማወቅ የተከለከለው ታሪኩ ስለከለከለው ሳይሆን ጸሐፊው ብዕሩን ስላነሳ ነው። ስለዚህ ይናደዳል፤ መናደዱም ትክክል ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከማለቂያው ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ «ልጇ ነበር» ወይም «ገዢው ነበር»። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ግርታውን ሁሉ ካጠፋችው ድሮም የነበረው ክፍተት ሳይሆን ድብቅነት ነበር።

ስህተት ሁለት፦ ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ማየት

በታሪኩ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው የድርጊት ጥያቄ ነው፦ ቤቱን ትሸጣለች ወይስ አትሸጥም? ሁለተኛው የልብ ጥያቄ ነው፦ ልጇን መጠበቅ አቁማለች ወይስ አላቆመችም? ደላላው፣ ዕዳውና ቀብዱ አንባቢውን ስለ መጀመሪያው ሲያስጨንቁት ስለቆዩ እሱን ሳይመልሱ መተው ዕዳ አለመክፈል ነው። ሁለተኛውን ግን ሙሉ በሙሉ መመለስ የሚችል ሰው የለም፤ እናቲቱ ራሷ ብትጠየቅ አንድ መልስ አይኖራትም። ክፍት ሊተው የሚችለው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ታሪኩን እንዲህ ልጨርሰው። የሽያጩ ውል ይፈረማል፣ ምስክሮቹም ይፈርማሉ። ገዢው ቁልፉን ሲቀበል «ሌላ ቁልፍ የለም?» ብሎ ይጠይቃታል። «የለም፣ ይኸው ነው» ትለዋለች። ሌላው ቁልፍ ግን ትናንት ማታ እንዳስቀመጠችው ድንጋዩ ሥር ነው። ዛሬ ጠዋት አላነሳችውም። የድርጊቱ ጥያቄ ተዘግቷል፣ ቤቱ ተሸጧል። የልቡ ጥያቄ ክፍት ነው። ከቁልፉ በኋላ ምንም መረጃ ብትጨምሩ ይህ ክፍተት አይጠፋም፤ ሁሉንም ነገር አይተናልና።

ስህተት ሦስት፦ ክፍት መጨረሻን ሰምና ወርቅ ማድረግ

ይህ በተለይ በእኛ አካባቢ የማየው ስህተት ነው፣ ከቅኔ ፍቅር የሚመጣ ስለሆነም ይገባኛል። በሰምና ወርቅ ግን ወርቁ አንድ ነው። ሰሙ ሽፋኑ ነው፤ ፈቺው ወርቁን ሲያገኝ ሥራው ያልቃል። መጨረሻውን በዚህ መንገድ የሚሠራ ጸሐፊ በልቡ አንድ መልስ ይዞ ያንን ይሸፍነዋል። ያገኘው አንባቢ «አወቅኩት» ይላል፤ ያላገኘው ይቀርበታል። ይህ እንቆቅልሽ ነው።

ለክፍት መጨረሻ የሚቀርበው በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ የዳበረው የአንድምታ ትርጓሜ ነው። መምህሩ ለአንድ ኃይለ ቃል አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ እያንዳንዱም ማስረጃ አለው።

ይህን ልማድ ለራሳችሁ ረቂቅ ተጠቀሙበት። የመጨረሻውን ምስል ጻፉና ከሥሩ አንድምታ አውጡለት። የቁልፉን እንሞክረው። ቁልፉን ያላነሳችው መጠበቅ ስላቆመች ነው፤ በየጠዋቱ ታነሳው የነበረችውን ዛሬ ረስታዋለች። አንድም፣ ያላነሳችው ልጇ በሌላ ሰው ቤት እንኳ ቢሆን መግቢያ እንዲያገኝ ነው፤ ገዢውንም የዋሸችው ለዚሁ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ከታሪኩ ውስጥ ማስረጃ ፈልጉ። ለሁለተኛው ልጁ የተናገረው አለ። ለመጀመሪያው ግን እስካሁን ምንም የለም! ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ትዕይንት መጨመር አለብኝ፦ ቀብዱን በተቀበለችበት ሰሞን አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳታነሳ ገበያ ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ትዝ ሲላት ትደነግጣለች፣ ግን አትመለስም። ይህ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ያለ እሱ የመርሳቱ ፍቺ የአንባቢው ግምት ብቻ ይሆናል፤ ከእሱ ጋር ግን ሁለቱም እኩል ይከብዳሉ።

ሁለተኛውን «አንድም» ማግኘት ካቃታችሁ፣ ወይም ስታገኙት ማስረጃ ልታስቀምጡለት ካልቻላችሁ፣ መጨረሻችሁ ዝግ ነው ማለት ነው። ያኔ በግልጽ ዝጉት።

ስህተት አራት፦ ከውጭ በመጣ ነገር መዝጋት

ዝግ መጨረሻ የሚፈልጉ ደግሞ ልጁን ጥምቀት ላይ ያመጡታል። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በተሰበሰበው ሕዝብ መሐል እናት ቀና ስትል ልጇን ታየዋለች፤ ይተቃቀፋሉ፤ ቤቱም ሳይሸጥ ይቀራል። አንባቢው የማያምነው መገናኘታቸውን አይደለም፤ ለጥምቀት ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የማያምነው ሁሉም ነገር ያለ ዋጋ መፈታቱን ነው።

ዋጋው ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውሉን ልተው ካለ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ልጁ ሲመለስ እናት ቤቱን ማትረፍ ከፈለገች 100,000 ብር ማግኘት አለባት፤ ከ50,000ው አብዛኛው ደግሞ ለዕዳ ሄዷል። ልጁ በሰሊጥ ሥራ ያጠራቀማትን ገንዘብ ለአንድ ጉዳይ አስቦባታል እንበል፤ ይህም ሲሄድ ተነግሯል። ያችን ገንዘብ አውጥቶ ሲሰጥ መጨረሻው በመገናኘቱ ሳይሆን በምርጫው ተዘጋ። መምጣቱም ድንገት እንዳይሆን በየዓመቱ ለጥምቀት እንደማይቀር በመጀመሪያው ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ያለፉት ሁለት ጥምቀቶች ያለ እሱ ማለፋቸው ያን ጊዜ ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ስህተት አምስት፦ ከማለቂያው በኋላ መጻፍ

ይህኛው አጭር ነው። ክፍትም ሆነ ዝግ፣ ብዙ ረቂቅ ካለቀ በኋላ አንድ አንቀጽ ይቀጥላል። ጀንበር በፋሲል ግንብ ላይ ታዘቀዝቃለች፣ እንባ ይወርዳል፣ የእናት ፍቅር ይተረካል። ግንቡ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ካልነበረው መጨረሻው ላይ ሥራ አይኖረውም። የመጨረሻውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍኑና ከሱ በፊት ያለውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ታሪኩ እዚያ ካለቀ የሸፈናችሁትን አውጡት፤ ካላለቀ የጎደለው ምን እንደሆነ ከመካከሉ ፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጻፈ አንድ ትዕይንት ነው።