ውሻችሁ ሣር በልቶ ሲያስመልስ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሣር ይበላል፣ አልፎ አልፎም ያስመልሳል

ሣሩ ከአረፋ ጋር ከወጣ በኋላ ውሻው ጅራቱን እየቆላ የሚጫወት ከሆነ ተዉት። «ሆዱን ሲያመው ነው ሣር የሚበላው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ለአብዛኞቹ ውሾች ግን እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ከ1,500 በላይ የውሻ ባለቤቶች ተጠይቀው ነበር። ሣር ከመብላቱ በፊት የታመመ የሚመስለው ከ10 ውሾች አንዱ እንኳ አይሞላም። ከበሉ በኋላ አዘውትረው የሚያስመልሱት ደግሞ ከ5 አንዱ ያህል ናቸው። የሚያሰጋው ይልቅ ሣሩ ላይ የተረጨ ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሣር ይግጣል፣ ቢጫ አረፋ ያስመልሳል

ይሄኛው ብዙ ጊዜ የባዶ ሆድ ጣጣ ነው። እራቱን 12 ሰዓት ላይ በልቶ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የሚቆይ ውሻ እናስብ። 14 ሰዓት ምንም ሳይበላ ሲቆይ ሐሞት ከአንጀት ወደ ጨጓራ ተመልሶ ያቃጥለዋል። ቢጫው ቀለም የሐሞቱ ነው። ምግብ አትጨምሩለት፤ ከዚያው ከእራቱ ሩቡን አስቀርታችሁ ማታ ልትተኙ ስትሉ ስጡት። ቁርሱንም ቀደም አድርጉለት። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላያችሁ፣ ወይም እየከሳ ከሄደ፣ ምክንያቱ ሌላ ነውና ሐኪም ይየው።

ያቅለሸልሸዋል፣ ያጓራል፣ ግን ምንም አይወጣም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሆዱ ከተነፋ፣ ምራቁ ከተዝረከረከና አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተው ጨጓራው በጋዝ ተወጥሮ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። በተለይ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾችን ያጠቃል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። «እስኪ ይንጋ» አትበሉ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ እንስሳት ሐኪም ይዛችሁት ሩጡ። መፍትሄው ቀዶ ሕክምና ነው።

ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ውሃም አይረጋለትም

ሣሩን እርሱት፤ የዋጠው ነገር አንጀቱን ዘግቶት፣ ወይም መርዝ በልቶ፣ ወይም ኢንፌክሽን ይዞት ይሆናል። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ ድዱ ከነጣ፣ ከደከመ ደግሞ ወዲያውኑ። ያልተከተበ ቡችላ ላይ ትውከትና ተቅማጥ ከመጡ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታትም አይጠበቅም።

እስከዚያው የሰው የሕመም ማስታገሻ አትስጡት፤ ኢቡፕሮፌን ብቻውን ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። ሐኪም ሳያዝም እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ያስመለሰውን ፎቶ አንሱ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰ መዝግቡ። ግቢው ተረጭቶ ከነበረ የመድኃኒቱን እሽግ ይዛችሁ ሂዱ።