ፊት የማይታይበት ቻናል «Reused content» ተብሎ ሲመለስ

ምልክቱ

ደሴ የሚኖር አንድ ወጣት ወዳጄ የወሎን ታሪካዊ ቦታዎች በትረካ፣ በስቶክ ቪዲዮና በስክሪን ሪከርድ የሚያቀርብ ቻናል አለው። 1,000 ተከታይና 4,000 የእይታ ሰዓት ሞልቶለት ወደ ዩቲዩብ የገቢ ማመልከቻ ቢያስገባም፣ ጥያቄው «Reused content»፣ ማለትም ከሌላ የተወሰደ ይዘት በሚል ምክንያት ተመለሰበት። «ጋሼ፣ ክሊፖቹን የወሰድኩት በነፃ ከሚፈቅዱ ገጾች ነው፤ አንድም የቅጂ መብት ክስ አልደረሰብኝም፤ ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

መንስኤው

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርጎ ይመለከታል። የቅጂ መብት የክሊፑ ባለቤት ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም የሚለውን ይመለከታል፤ «Reused content» የሚለው መመሪያ ግን የቻናሉ ባለቤት በተወሰደው ነገር ላይ ምን የራሱን ጨመረ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ፈቃድ መያዝ ብቻውን መልስ አይሆንም። ገምጋሚው ደግሞ ቻናሉን የሚመዝነው በአንድ ቪዲዮ ሳይሆን ዋና ጭብጡን፣ ብዙ የታዩትን፣ አዳዲሶቹን፣ ከፍተኛውን የእይታ ሰዓት የያዙትን ቪዲዮዎች እንዲሁም ርዕሶችንና መግለጫዎችን አይቶ ነው።

ወዳጄ ስለ ወሎው ሐይቅ የሠራውን የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ አብረን ከፈትነው። ድምፁን ዘግተን ምስሉን ብቻ ስናይ፣ ዳርቻው በጥድ የተሸፈነ፣ ከበስተጀርባው በረዶ የለበሰ ተራራ ያለበት የሌላ አገር ሐይቅ ነበር። ዓይናችንን ጨፍነን ትረካውን ብቻ ስንሰማ ደግሞ ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ቃል በቃል የተነበበ ጽሑፍ ሆኖ አገኘነው። ድምፁ የእርሱ ቢሆንም ምስሉም ቃሉም የሌላ ሰው ነበር፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ ብቻ የራስ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም። ይህ በድምፅና በምስል የተከፈለ ፍተሻ ማንም በራሱ ቻናል ላይ ሊሞክረው የሚችል ነው።

መፍትሄው

ቪዲዮውን እንደገና ስንሠራ የጀመርነው ከጥያቄ ነው፦ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ላይ እንደነበረ ይነገራል፤ ዛሬ ግን በእግር ይገባበታል፤ ይህ በምን ይታያል? ጥያቄው የራስ ከሆነ ምስሉም ትረካውም መልስ ፍለጋውን ይከተላል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ገዳሙን ከዳርቻው ጋር የሚያገናኘውን የመሬት አንገት በስልኩ ቀረጸ። ቀጥሎም ጉግል ኧርዝ ላይ የቀድሞ ዓመታትን የሳተላይት ምስሎች እያፈራረቀ፣ የውሃውን ዳርቻ በመለኪያው እየለካ፣ ያየውን እየተረከ ስክሪኑን ቀዳ፤ የምስሎቹን ምንጭ የሚገልጸውን ከታች ያለውን ጽሑፍም አልቆረጠም። ስክሪን ሪከርድ ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ ተመልካቹ ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ አንድ ግኝት ሲወለድ የሚያይ ከሆነ ነው፤ የሌላ ሰውን ገጽ ከላይ ወደ ታች ማንሸራተት ግን ክሊፕ ከመገልበጥ አይለይም። ስቶክ ቪዲዮ የቀረው ለዝናብና ለደመና ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም ከጥቂት ሰከንድ አላለፉም።

አሮጌዎቹን ከማጥፋት በፊት ግን ስሌት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጠፋ ወይም ከሕዝብ የተሰወረ ቪዲዮ የእይታ ሰዓት ከ4,000ው ይቀነሳል። ለምሳሌ 5,200 ሰዓት ካለ፣ ሦስት ችግር ያለባቸው ቪዲዮዎች ከዚያ ውስጥ 900 ከያዙ፣ ቢነሱ 4,300 ይቀራል። 1,500 ከያዙ ግን 3,700 ብቻ ስለሚቀር፣ አስቀድሞ አዳዲሶቹን አውጥቶ ሰዓቱን ማካካስ ይሻላል።

ግምገማው ስህተት ነው ብሎ ከልብ የሚያምን ሰው በ21 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የይግባኙ ቪዲዮ ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ሆኖ፣ በዚያው ቻናል ላይ «Unlisted» ተደርጎ ይጫናል፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥም የቻናሉን አድራሻ ማሳየት አለበት። ፊቱን የማያሳይ ሰው የኤዲቲንግ ፋይሉን ከፍቶ የትረካውን ረቂቅ፣ ጥሬ ቀረጻውንና ቅንብሩን ቢያሳይ የአሠራሩ ማስረጃ ይሆንለታል፤ ስለዚህ እነዚህን ፋይሎች ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ማጥፋት ትልቅ ጉዳት ነው። የወዳጄን ጉዳይ ግን ለይግባኝ አልመከርኩም፤ ጥፋቱ እውነተኛ ስለነበረ አስተካክሎ ከ30 ቀናት በኋላ እንደገና ማመልከት ይሻለዋል። ዳግመኛ ከተመለሰ የሚጠበቀው ጊዜ 90 ቀናት ስለሚሆን፣ በችኮላ መላኩ ዋጋ ያስከፍላል።

ምክንያቱ «Inauthentic content» ተብሎ ከመጣ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ስያሜ ቀድሞ ተደጋጋሚ ይዘት ይባል የነበረውን በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. የተካ ሲሆን፣ የሚነካውም የራስን ሥራ ራሱ በአንድ ቅርጽ አብዝቶ ማምረትን ነው፦ ለላሊበላ፣ ለመቅደላና ለባቲ አንድ ዓይነት መግቢያ፣ አንድ ዓይነት ምስልና የቦታው ስም ብቻ የተቀየረበት ትረካ። እዚህ ላይ መፍትሄው የቪዲዮዎቹን ቁጥር ቀንሶ ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱን ጥያቄ መስጠት ነው፤ መቅደላ ላይ አምባው እንዴት እንደተወጣ በካርታ ማሳየት፣ ባቲ ላይ ደግሞ የገበያውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መቅረጽ ይቻላል።