የበዓል መልካም ምኞት ለደንበኞች ስትጽፉ «ለምታከብሩ» በሉ

የድርጅት የበዓል መልእክት «ለመላው የእምነቱ ተከታዮች» ብሎ ሲጀምር፣ ሌላው ደንበኛ እሱን እንደማይመለከት ቆጥሮ ያልፈዋል። ሁሉንም ለማቀፍ ተብሎ «መልካም በዓል» ብቻ ሲጻፍ ደግሞ የሚያከብሩት ሰዎች የበዓላቸው ስም ሳይጠራ ይቀራል። ይሄኛው የባሰ ይመስለኛል።

መልእክቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ክፈሉት። ለምሳሌ ለዒድ አልፈጥር፦

«የረመዳንን ጾም ፈጽማችሁ ዒድን ለምታከብሩ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለዒድ አልፈጥር በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ ዒድ ሙባረክ! የበዓሉ ደስታ ተካፋይ ለሆናችሁ ደንበኞቻችን ሁሉ መልካም ቀን እንመኛለን።»

«ለምታከብሩ» የሚለው ቃል የማንንም እምነት አይገምትም፤ አንባቢው ራሱ ቦታውን ያገኛል። በ«እናንተ» መጻፉም «አንተ» ወይስ «አንቺ» ከሚለው ጣጣ ያድናል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በዓሉን በስሙ ስለጠራ፣ ሁለተኛው ለሁሉም ሲከፈት ሙቀቱ አይቀንስም። ቅናሽ ወይም የምርት ማስታወቂያ ግን እዚያው አትጨምሩ፤ ምኞቱ ወዲያው የሽያጭ ሰበብ ይመስላል።

ዒድ ጨረቃ በመታየቷ ስለሚወሰን ልጥፉ በራሱ እንዲወጣ አስቀድማችሁ ሰዓት አትሙሉለት። አንድ ቀን ቀድሞ ከወጣ ገና እየጾሙ ላሉ ሰዎች «ጾማችሁን ፈጸማችሁ» ማለት ይሆናል። ጽሑፉን አዘጋጁ፣ በዓሉ ሲታወጅ በእጃችሁ ልቀቁት።

እንደ ስቅለት ላሉ የሐዘንና የጸሎት ቀናት ይህን አጻጻፍ አትጠቀሙ፤ የደስታ ቃሉ አይስማማም።